«ዋዝ ጎይንግ ቱ»፣ «ዉድ» ወይስ «ዋዝ አባውት ቱ»? በታሪክ መልመጃ የትኛውን መልስ ልቀበል?

የቱሉ ዲምቱ መምህርት

ሰላም ለሁላችሁ። በቱሉ ዲምቱ አካባቢ ባለ አንድ ትምህርት ቤት ለ10ኛ ክፍል እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። የእንግሊዝኛውን ቃል ሁሉ በራሳችን ፊደል የምጽፈው ተማሪዎቼም ወላጆቻቸውም ይህን ውይይት እንዲያነቡት ስለምፈልግ ነው።

ሰሞኑን ባለፈ ታሪክ ውስጥ ገና ወደፊት የሚሆነውን ነገር እንዴት እንደምንናገር እያስተማርኩ ነው። ለዚህም ታሪክ ጽፌ ክፍት ቦታ እንዲሞሉ ሰጠኋቸው። ተማሪዎቹ የሚሠሩት በእንግሊዝኛ ነው፤ እዚህ ግን ሐሳቡን በአማርኛ ላስቀምጠው፦

«ወጣቷ ፒያሳ ለሥራ ቃለ መጠይቅ ተጠርታለች። ማታውኑ ሁሉን አሰናድታለች፤ በመጀመሪያው አውቶቡስ 1) ______ (መሄድ)። ማለዳ ከቤት ስትወጣ በየረር ተራራ በኩል ሰማዩ ጠቁሯል፤ 2) ______ (መዝነብ)። አውቶቡሱ መጥቶ በሩ ተከፈተ። 3) ______ (መሳፈር) ስልኳ ጮኸ። እናቷ ናት። የትምህርት ማስረጃዋን ጠረጴዛ ላይ ትታዋለች። እናቷ ራሷ ይዛላት 4) ______ (መምጣት) ነገረቻት። ልጅቷ አውቶቡሱን ለቀቀችው። ያን ዕለት ጠዋት አላወቀችም እንጂ በዚያ መሥሪያ ቤት ለብዙ ዓመታት 5) ______ (መሥራት)።»

እኔ ያዘጋጀሁት መልስ እንዲህ ነው፦ አንደኛውና ሁለተኛው «ዋዝ ጎይንግ ቱ»፣ ሦስተኛው «ዋዝ አባውት ቱ»፣ አራተኛውና አምስተኛው «ዉድ»። ወረቀቱን ሳርም ግን ጎበዝ የምላቸው ልጆች አንደኛው ላይ «ዉድ»፣ ሦስተኛው ላይ «ዋዝ ጎይንግ ቱ»፣ አምስተኛውም ላይ «ዋዝ ጎይንግ ቱ» ብለው አገኘኋቸው። አራተኛው ላይ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት «ዊል» ጽፈዋል። የ«ዊል» ስህተት መሆኑ ግልጽ ነው። የሌሎቹን ግን በቀይ ብዕር ለመሰረዝ እጄ አልታዘዝ አለኝ። በዚህ ላይ የምታውቁትን ንገሩኝ።

አያት አደባባይ

መምህርት፣ እኔ የማጠናከሪያ ትምህርት ስሰጥ የምጠቀምበት ቀላል መለያ አለኝ። ነገሩ ታስቦ ካልተፈጸመ «ዋዝ ጎይንግ ቱ»፤ በኋላ በእርግጥ ከተፈጸመ «ዉድ»፤ ሊፈጸም አፋፍ ላይ ደርሶ ከተቋረጠ «ዋዝ አባውት ቱ»። ልጅቷ በመጀመሪያው አውቶቡስ አልሄደችም፣ ስለዚህ የአንደኛው መልስ የታወቀ ነው። በመሥሪያ ቤቱ በእርግጥ ሠርታለች፣ ስለዚህ አምስተኛው «ዉድ» ብቻ ነው። ተማሪ ታሪኩን እስከ መጨረሻው አንብቦ «ሆነ ወይስ አልሆነም?» ብሎ ይጠይቅ። በዚህ መለያ የማይፈታ ጥያቄ እስካሁን አላጋጠመኝም።

የሰንዳፋ ጡረተኛ

ለመምህርትም ለአያት አደባባይም ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። እንግሊዝኛ በማስተማር ነው ያረጀሁት፤ ይህ ርዕስ ደግሞ እስከ ዛሬ ልቤን የሚይዝ ነው።

የአያት አደባባይ መለያ ብዙ ጊዜ ወደ ትክክለኛው መልስ ያደርሳል፤ የሚያደርሰው ግን በጎን መንገድ ነው። በዚሁ በመምህርት ታሪክ እንፈትነው። ሁለተኛው ክፍት ቦታ ላይ ሰማዩ ጠቁሯል። ዘነበ ወይስ አልዘነበም? ታሪኩ አይነግረንም። ግን «ኢት ዋዝ ጎይንግ ቱ ሬይን» ብንል ማንም እንግሊዝኛ ተናጋሪ ቅር አይለውም። አራተኛው ላይ እናቷ ይዛላት እንደምትመጣ ተናገረች። መጣች ወይስ ቀረች? ይህንንም አናውቅም። «ዉድ» ግን ትክክል ነው። «እመጣለሁ ብሎ ቀረ» ለማለት እንኳ «ሂ ሴድ ሂ ዉድ ካም» ብለን ጀምረን «በት ሂ ዲድንት» ብለን እንጨርሳለን። እንግዲህ «ዉድ» የተፈጸመ ነገር ብቻ የሚነገርበት ከሆነ ይህ ዓረፍተ ነገር ከየት መጣ?

እኔ ተማሪዎቼን የማስጠይቃቸው ሌላ ጥያቄ ነበር። በዚያች ቅጽበት፣ ታሪኩ በቆመበት ሰዓት፣ ወደፊት የሚሆነውን የሚያውቀው ወይም የሚያስበው ማን ነው?

የሚያስበው ባለታሪኩ ከሆነ፣ ማለትም ነገሩ በልቡ የያዘው ዕቅድ ከሆነ ወይም በዓይኑ የሚያየው ምልክት ካለ፣ «ዋዝ ጎይንግ ቱ» ይመጣል። የልጅቷ የማታ ዝግጅት ዕቅድ ነው፤ የየረር ጥቁር ደመና ምልክት ነው። ሁለቱም በዚያው ጠዋት እዚያው አሉ።

የሚያውቀው ተራኪው ብቻ ከሆነ፣ ባለታሪኩም ገና ካልደረሰበት፣ «ዉድ» ቦታውን ይይዛል። አምስተኛው ይህ ነው። ልጅቷ አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ቆማ ስለሚጠብቋት ዓመታት ምንም አታውቅም። የሚያውቀው ተራኪው ነው፤ ምክንያቱም እርሱ ሁሉም ካለፈ በኋላ ተቀምጦ ይተርካል።

አራተኛው ደግሞ በሌላ በር የገባ «ዉድ» ነው። እናትየው በስልክ የተናገረችው «ዊል» ነበር። ንግግሩን ሌላ ሰው ባለፈ ጊዜ ሲያወራው «ዊል» ወደ «ዉድ» ይለወጣል። ለዚህኛው የተፈጸመና ያልተፈጸመ ጉዳዩ አይደለም፤ የሚያሳስበው ተነገረ ወይም ታሰበ የሚለው ብቻ ነው።

ሦስተኛው የቅርበት ነገር ነው። እግሯ ደረጃው ላይ ሊያርፍ ነው፤ በመካከሉ ሌላ ነገር ሊገባ የሚችልበት ጊዜ የለም፣ ስልኩ ግን ገባ። «ዋዝ አባውት ቱ» ይህን ጠባብ ጊዜ ይወዳል። ለዚህም ነው «በሚቀጥለው ሳምንት» ወይም «ከሁለት ዓመት በኋላ» ከሚል ቃል ጋር የማይስማማው። አንድ ልጅ «ሺ ዋዝ አባውት ቱ ትራቭል ዘ ኔክስት ይር» ብሎ ከጻፈ፣ ሰዋስውን የማያውቅ እንግሊዝኛ ተናጋሪ እንኳ ጆሮው ይሻክረዋል።

አሁን የአንደኛውን «ዉድ» እንመልከት። መምህርት፣ እባክዎ አይሰርዙት። «ማታውኑ ሁሉን አሰናድታለች» ሲሉ አንባቢውን ወደ ልጅቷ ሐሳብ አስገብተውታል። ከዚያ በኋላ «ሺ ዉድ ቴክ ዘ ፈርስት በስ» ቢባል ልጅቷ ለራሷ የተናገረችው ይመስላል፤ «በመጀመሪያው አውቶቡስ እሄዳለሁ» ብላ አስባለች፣ ተራኪውም «አሰበች» የሚለውን ቃል ትቶ ሐሳቡን ብቻ አስቀመጠው። ልብ ወለድ ጸሐፊዎች ይህን ያዘወትሩታል። ልጁ ይህን አውቆ ጽፎት ከሆነ ትልቅ ችሎታ ነው።

ለፈተና የምዘጋጅ

እኔ እንደተማርኩት «ዉድ» የሚመጣው «ኢፍ» ሲኖር ነው። «ገንዘብ ቢኖረኝ ቤት እገዛ ነበር» እንደሚባለው። በመምህርቷ ታሪክ ውስጥ አንድም «ኢፍ» የለም። ታዲያ አምስተኛው ላይ «ዉድ» እንዴት ይገባል? ሁኔታው ካልተነገረ «ዉድ ሃቭ ወርክድ» አይሻልም?

የቱሉ ዲምቱ መምህርት

ለፈተና የምትዘጋጀው፣ ያልከው «ዉድ» አለ፤ ነገር ግን ይህኛው አይደለም። ያ ሁኔታን የሚጠብቅ ነው፣ ቢሆን ኖሮ የሚባለው። የእኛ ታሪክ ላይ «ዉድ ሃቭ ወርክድ» ብትል ልጅቷ በመሥሪያ ቤቱ አልሠራችም ማለት ይሆናል፤ «አንድ ነገር ባያግዳት ትሠራ ነበር» የሚል ትርጉም ይዞ ይመጣል። ታሪኩ የሚለው ግን ሠርታለች ነው። ቃሉ አንድ ስለሆነ ብቻ ሥራውም አንድ እንዳይመስልህ።

ጡረተኛው መምህሬ፣ ከልብ አመሰግናለሁ። የአንደኛውን ነገር እንዲህ አላሰብኩትም ነበር። ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። ተማሪዎቼ «ዉድ»ን ያለ ቦታው መክተት ይወዳሉ፤ አንደኛው ላይ የጻፉት የባለታሪኳን ሐሳብ አውቀው ይሁን እንዲሁ ገምተው በምን እለየዋለሁ?

የሰንዳፋ ጡረተኛ

በቃል ይጠይቋቸው። «ይህን ያለው ማን ነው?» ይበሏቸው። «ልጅቷ ለራሷ» ካለ ገብቶታል። «ያለፈ ጊዜ ስለሆነ» ካለ ገምቷል። ከወረቀቱ ላይ ብቻ መለየት ግን አይቻልም።

እህቱ ከሱሉልታ

ይቅርታ፣ እኔ አስተማሪ አይደለሁም። ውይይታችሁን ሳነብ ግን የወንድሜ ነገር ትዝ አለኝ። ወደ ውጭ ሄዶ ለመማር ማመልከቻ እየጻፈ ነው። ስለ ራሱ በጻፈው ድርሰት ላይ ስምንተኛ ክፍል ሳለ የትምህርት ቤታችንን የውኃ ፓምፕ እንዴት እንደጠገኑት ካየ በኋላ መሐንዲስ የመሆን ሐሳብ እንዳደረበት ይተርካል። ከዚያም «አይ ዋዝ ጎይንግ ቱ ቢ አን ኢንጂነር» ብሎ ጽፏል። አሁንም የሚያመለክተው ለምህንድስና ነው። አንድ የሚያውቀው ሰው አንብቦለት «ታዲያ ለምን ተውከው?» አለው። ወንድሜ ግራ ገባው፤ አልተወውማ! እኔም ሰዋስው ስለማላውቅ ልረዳው አልቻልኩም። ስህተቱ ምንድን ነው?

አያት አደባባይ

እህቴ፣ ይኸው ነው ያልኩት። «ዋዝ ጎይንግ ቱ» ያልተፈጸመ ነገር ነው። «ዉድ» ብሎ ይቀይረውና ይገላገላል።

የሰንዳፋ ጡረተኛ

ወንድሜ አያት አደባባይ፣ እዚህ ላይ ግማሽ መንገድ አብረን እንሄዳለን። አንባቢው «ለምን ተውከው?» ያለው በእርግጥ ከ«ዋዝ ጎይንግ ቱ» የተነሣ ነው። ግን ያልተፈጸመ የሚለው ስሜት ከቃሉ ብቻ አልመጣም። «ያኔ ዕቅዴ ይህ ነበር» ብሎ ባዶውን ሲተወው ሰሚው «በት» የሚለውን እየጠበቀ ይቀራል። ዕቅዱ አሁንም ካለ ለምን ያለፈ ጊዜ ሆነ? ይህ ነው የሚያጠራጥረው።

እህታችን፣ ወንድምሽ ከፊቱ አንድ ግሥ ብቻ ይጨምርበት። «አይ ኒው አይ ዋዝ ጎይንግ ቱ ቢ አን ኢንጂነር» ይበል፤ «መሐንዲስ እንደምሆን ያን ቀን አወቅሁ» እንደ ማለት ነው። አሁን ያለፈው ማወቁ ነው፤ ምኞቱ አላለፈም። ያው «ዋዝ ጎይንግ ቱ» እዚያው አለ፣ ጥርጣሬው ግን ጠፋ። «አይ ዲሳይድድ» ብሎ «አይ ዉድ» ቢያስከትልም ያስኬዳል። ነገር ግን «አይ ዉድ ቢ አን ኢንጂነር» ብሎ ብቻውን ቢተወው ሌላ ችግር ይፈጠራል፤ አንባቢው «ቢሆንልኝ ኖሮ» የሚል ሁኔታ ይፈልግበታል። ስለዚህ ቃሉን መቀየር ብቻ አይበቃም።

ተርጓሚ ከለገጣፎ

ሥራዬ ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛና ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ መተርጎም ነው፤ ስለዚህ የተማሪዎቹ ስህተት ከየት እንደሚመጣ ላሳይ።

በአማርኛ «ልሄድ ነበር» ስንል ሁለቱንም ይዞልናል። ዕቅድ ነበረኝ ማለትም፣ እግሬ ሊነሣ ነበር ማለትም ይሆናል። አንዱን ከሌላው የሚለየው አካባቢው ነው። ስለዚህ ተማሪው በ«ዋዝ ጎይንግ ቱ» እና በ«ዋዝ አባውት ቱ» መካከል ያለውን ርቀት ከራሱ ቋንቋ ሊያገኘው አይችልም። አንድ የሚረዳው መንገድ ግን አለ። «ልሳፈር ስል ስልኬ ጮኸ» የሚለውን አስቡት። «ልሳፈር ስል» የምንለው ነገሩ አፍንጫችን ሥር ሲደርስ ብቻ ነው። «በሚቀጥለው ዓመት ልማር ስል ስልኬ ጮኸ» የሚል ሰው የለም። ተማሪዎች ክፍት ቦታውን በአማርኛ ሲያስቡት «ስል» ወይም «ስትል» የሚለው በራሱ ከመጣላቸው «ዋዝ አባውት ቱ»ን ይጻፉ። በመምህርቷ ታሪክ ሦስተኛው ላይ «ልትሳፈር ስትል» ይመጣል፤ አንደኛው ላይ ግን አይመጣም።

አራተኛው ላይ ለምን «ዊል» እንደበዛም ግልጽ ነው። «እንደምትመጣ ነገረቻት» ስንል «እንደምትመጣ» የሚለው አይለወጥም፤ ንግግሩ ዛሬም ቢሆን ትናንትም ቢሆን ያው ነው። «እመጣለሁ አለቻት» ብንል ደግሞ የእናትየውን ቃል እንዳለ እንወስደዋለን። አማርኛ ወደ ኋላ አይጎትተውም፤ እንግሊዝኛ ግን ይጎትተዋል። ልጆቹ «ዊል» የሚጽፉት ስንፍና አይደለም፤ የራሳቸው ቋንቋ ሥርዓት ነው።

ከሁሉ የሚያስቸግረው «ይሄድ ነበር» ነው። ልማድን ስንናገር «በየጠዋቱ ይሄድ ነበር» እንላለን፤ እንግሊዝኛውም «ሂ ዉድ ጎ ኤቭሪ ሞርኒንግ» ይላል። ተማሪው ይህን ይይዝና «ነበር» ባየ ቁጥር «ዉድ» ይጽፋል። «ልሄድ ነበር»ም መጨረሻው «ነበር» ስለሆነ «አይ ዉድ ጎ» ብሎ ይጽፋል። የ«ዉድ» ያለ ቦታው መብዛት ምንጩ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

ይህ ደግሞ ተራኪው ብቻ የሚያውቀውን «ዉድ» አደገኛ ያደርገዋል። አበበ ቢቂላን ምሳሌ ላድርግ። እ.ኤ.አ. በ1960 በሮም ኦሊምፒክ ማራቶንን በባዶ እግሩ ሮጦ አሸነፈ። ታሪኩን በዚያች የሮም ምሽት ላይ አቁመን «ከአራት ዓመት በኋላ በቶኪዮ ዳግመኛ ያሸንፋል» ማለት ብንፈልግ «ሂ ዉድ ዊን አጌን ኢን ቶኪዮ» እንላለን። ሯጩ ያኔ አያውቅም፤ ተራኪው ወደፊት አየት አድርጎ ወደ ሮም ይመለሳል። አየት አድርጎ መመለሱ ነው ዋናው። ታሪኩ ራሱ ወደ 1964 ተሻግሮ የቶኪዮን ውድድር የሚተርክ ከሆነ ግን «ዉድ» አያስፈልግም፤ «ሂ ዎን» ብቻ ይበቃል። ተማሪ ግን አንድ ጊዜ «ዉድ»ን ከወደደው አንቀጹን ሁሉ በእርሱ ይሞላዋል፤ «ዉድ ትሬን»፣ «ዉድ ራን»፣ «ዉድ ዊን» እያለ ይሄዳል። ያኔ አንባቢው የሚያነበው ልማድ ይሆናል፤ ሰውየው በየጊዜው ያደርገው የነበረ ነገር ይመስላል። በነገራችን ላይ እዚህ «ዉድ ራን» ብሎ መጻፍ ሌላ ስህተት ነው፤ ከ«ዉድ» በኋላ ግሡ መነሻ ቅርጹን ይዞ «ዉድ ረን» ይባላል። ከ«ዋዝ ጎይንግ ቱ» በኋላም እንደዚሁ ነው፤ ያለፈው ጊዜ «ዋዝ» ላይ አልቋል።

ለፈተና የምዘጋጅ

አሁን የ«ኢፍ»ን ጉዳይ ተረዳሁት፣ አመሰግናለሁ። ሌላ ጥያቄ ግን አለኝ። «ሺ ዋዝ ጎይንግ ቱ ፒያሳ» የሚል ዓረፍተ ነገር አይቼ «ወደ ፒያሳ ልትሄድ ነበር» ብዬ ነበር የተረጎምኩት። ይህስ ያው ነገር ነው?

ተርጓሚ ከለገጣፎ

አይደለም። ከ«ቱ» በኋላ ያለውን እይ። ቦታ ከሆነ መንገድ ላይ ናት፤ «ወደ ፒያሳ እየሄደች ነበር» ነው። ግሥ ከሆነ ዕቅድ ወይም ምልክት ነው።

አያት አደባባይ

የተባለውን ሁሉ አነበብኩ። የእኔ መለያ በዝናቡና በእናትየው ላይ እንደማይሠራ እቀበላለሁ። ግን መምህርት የጠየቁት ስለ ማረም ነው፤ እኔ ደግሞ የማየው ፈተናውን ነው። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ላይ ተማሪው ከተሰጡት ምርጫዎች አንድ ፊደል ብቻ ያጠቁራል። «ሁለቱም ያስኬዳል» የሚባል ምርጫ የለም። ልጆቻችን «ጀስት» እና «ዌን» ሲያዩ ዓይናቸውን ሳያሹ «ዋዝ አባውት ቱ» የሚለውን መምረጥ አለባቸው። ሦስተኛው ላይ «ዋዝ ጎይንግ ቱ» የጻፈውን ልክ ነህ ብለን ካለፍነው ነገ በፈተናው ይጎዳል። እኔ አልቀበለውም።

የሰንዳፋ ጡረተኛ

የፈተናው ሥጋት ገብቶኛል፤ ልክም ነህ። በፈተና ምልክቱን ማየት ይጠቅማል። ግን ምልክት ያልኸው «ዌን» ብቻውን አያስተማምንም። «ሺ ዋዝ ጎይንግ ቱ ስተዲ ሎው ዌን ኸር ፋዘር ዳይድ» የሚለውን እስቲ አንብበው። «ዌን» አለ፤ ግን የሕግ ትምህርት እግር ለማንሣት እንደሚቃረብ ነገር አይደለም፣ የወራት ዕቅድ ነው። እዚህ «ዋዝ አባውት ቱ» ማለት የሚቻለው መመዝገቢያው ቀን ደርሶ ከሆነ ብቻ ነው። «ጀስት» ይሻላል፤ እርሱ ቅርበትን በእርግጥ ይናገራል።

የሦስተኛውን ክፍት ቦታ በተመለከተ፣ በሩ ተከፍቷል፤ አውቶቡሱ ቆሟል። «ዋዝ አባውት ቱ» ይበልጣል። «ዋዝ ጎይንግ ቱ» ግን ሰዋስውን አያፈርስም፤ የሚያጠፋው የትረካውን ትንፋሽ ነው፤ አንባቢው እግሯን ደረጃው ላይ አያየውም። እኔ ብሆን አልሰርዘውም፤ ጎኑ ላይ «ምን ያህል ቀርባለች?» ብዬ ጽፌ ግማሽ ነጥብ እሰጠው ነበር።

ደግሞ አንድ ማሳሰቢያ። «ዋዝንት አባውት ቱ» በአሉታ ሲመጣ ብዙውን ጊዜ ቅርበትን አይናገርም። «ሺ ዋዝንት አባውት ቱ ዌይት» ማለት «ልትጠብቅ አልተቃረበችም» ሳይሆን «ለመጠበቅ ፈጽሞ ፈቃደኛ አልነበረችም» ማለት ነው። ይህን የማያውቅ ተማሪ ታሪኩን ይስተዋል። ለ10ኛ ክፍል መልመጃ ግን ባይገባ እመርጣለሁ።

ተርጓሚ ከለገጣፎ

ግማሽ ነጥብ ላይ አልስማማም፣ መምህር። ይቅርታ ያድርጉልኝ። ተማሪው የሚማረው ሰዋስው ከሆነና ሰዋስዉ ካልፈረሰ ሙሉ ነጥብ ይገባዋል። የሚማረው ትረካ ከሆነ ደግሞ የክፍት ቦታ መሙያ ትክክለኛ መለኪያ አይደለም፤ ራሱ ታሪክ ይጻፍ።

አያት አደባባይ

ለሃምሳና ለስድሳ ተማሪ በየሳምንቱ ታሪክ የሚያርም መምህር ከየት ይመጣል? የክፍት ቦታ መሙያ የመጣው ከዚሁ የተነሣ ነው።

እህቱ ከሱሉልታ

የሰንዳፋው መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ወንድሜ «አይ ኒው» የሚለውን ጨምሮ ለዚያው ሰው አስነበበው። ሰውየው በዚህኛው አንቀጽ ላይ ጥያቄ አላነሣም። አሁን ደግሞ ወንድሜ የሚጨነቀው ስለ ቀጣዩ አንቀጽ ነው። «አባቴ መጽሐፍ ሲያገኝ እንደሚገዛልኝ ቃል ገባ» ለማለት «ዌን ሂ ዉድ ፋይንድ» ብሎ ጽፏል። ልክ ነው?

የሰንዳፋ ጡረተኛ

አይደለም። «ቃል ገባ» የሚለውን ተከትሎ «ዉድ ባይ» ይላል፤ «ዌን» ካለበት ቁራጭ ውስጥ ግን «ዉድ» አይገባም፣ «ዌን ሂ ፋውንድ» ነው የሚባለው። አባትየው የተናገረው «ዌን አይ ፋይንድ» ነበር እንጂ «ዌን አይ ዊል ፋይንድ» አልነበረም። «ዊል» ያልነበረበት ቦታ ላይ «ዉድ» ከየት ይመጣል? ወንድምሽ ሁልጊዜ ሰውየው በአፉ ያለውን መጀመሪያ ይጻፍ፤ ከዚያ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይጎትተው።

የቱሉ ዲምቱ መምህርት

ሁላችሁም ትልቅ ሥራ ነው የሠራችሁልኝ። ወረቀቶቹን እንደገና አየኋቸው። የወሰንኩትን ልንገራችሁ።

አንደኛው ላይ «ዉድ» ለጻፉት ሙሉ ነጥብ ሰጥቻለሁ። ትናንት በክፍል ውስጥ «ይህን ያለው ማን ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። አንዲት ልጅ «ማታ አልጋዋ ላይ ሆና ልጅቷ ራሷ» አለች። ሌላው «ነበር ስላለው» አለ። ሁለቱ የጻፉት መልስ አንድ ነው፤ የተረዱት ግን እጅግ ይለያያል። የተርጓሚው «ነበር» ምክንያት በዓይኔ ፊት ታየኝ።

አራተኛውን የእናትየውን ቃል መጀመሪያ በስልክ እንደተናገረችው እንዲጽፉ አደርጋለሁ፤ ከዚያ ልጅቷ ለጓደኛዋ ስታወራው ይለውጡታል። የወንድምየው የ«ዌን» ጥያቄም እዚያው ይገባል።

አምስተኛው ላይ «ዋዝ ጎይንግ ቱ» የጻፉትንም አልሰረዝኩም። «አላወቀችም እንጂ» የሚለው አስቀድሞ ስላለ እንግሊዝኛው «ሺ ዲድንት ኖው ሺ ዋዝ ጎይንግ ቱ ወርክ ዜር ፎር ይርስ» ቢልም ይሄዳል። ግን ያን መነሻ አውጥቼ «ማታ ወደ ቱሉ ዲምቱ ተመለሰች። በዚያ መሥሪያ ቤት ለብዙ ዓመታት ______» ብዬ ብጽፈው «ዉድ» ብቻ የሚቆም ይመስለኛል፤ «ዋዝ ጎይንግ ቱ» ብንለው አንባቢው ዕቅዷ ይህ ነበር፣ ኋላ ግን ከሸፈ ብሎ ያነበዋል። በሚቀጥለው መልመጃ ሁለቱንም ዓይነት አቀርብላቸዋለሁ።

ሦስተኛውን ግን ገና አልቋጨሁትም። የጡረተኛው ግማሽ ነጥብም የተርጓሚው ሙሉ ነጥብም ምክንያት አላቸው፤ የአያት አደባባይ የፈተና ሥጋትም እውነት ነው። ለጊዜው ቦታውን ባዶ ትቼ መልመጃውን ለውጬዋለሁ። «ልትሳፈር ስትል» በሚለው ፋንታ በእንግሊዝኛው ላይ «ጀስት» አስገብቼ «ሺ ዋዝ ጀስት ______» አድርጌዋለሁ። ይህ አንድ መልስ ብቻ እንዲኖረው ያደርገዋል?

ተርጓሚ ከለገጣፎ

ሙሉ በሙሉ አያደርገውም። «ሺ ዋዝ ጀስት ጎይንግ ቱ» የሚል እንግሊዝኛ ተናጋሪ አለ፤ በንግግር በተለይ። «ጀስት» ቅርበቱን ስለሚያመጣው «ጎይንግ ቱ»ን ወደ «አባውት ቱ» ይገፋዋል እንጂ አያስወጣውም።

የሰንዳፋ ጡረተኛ

እውነት ነው። አንድ መልስ ብቻ ካስፈለገ «ኦን ዘ ፖይንት ኦፍ» የሚለውን በምርጫ ውስጥ አስገብተው ከ«ዋዝ አባውት ቱ» ጋር ተመሳሳይ የሆነውን ይጠይቋቸው። ያኔ ልጁ የሚለየው ትርጉሙን ይሆናል።

አያት አደባባይ

ይህን በ10ኛ ክፍል ደረጃ የሚያውቅ ተማሪ በእኔ ክፍል ውስጥ የለም። መምህርት፣ ምን ትላላችሁ፣ የእርስዎዎቹ ያውቁት ይሆን?

የቱሉ ዲምቱ መምህርት

አያውቁትም። ሰኞ አስተምራቸውና ውጤቱን እዚህ እጽፋለሁ።